የ«ሁከት ይወገድልኝ» ውሳኔዎችን በሠንጠረዥ ስለ ማነጻጸር

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ጀማሪ ጠበቃ ነኝ። ደንበኛዬ ለዓመታት ዕቃ ታስቀምጥበት የነበረውን የጓሮ ክፍል ጎረቤቷ ቁልፍ ቀይሮ ዘግቶባታል። ሁከት ይወገድልኝ ብዬ ልከስ ሳስብ ሰባት ውሳኔዎች ሰብስቤ አነበብኩ፤ አንዱ ካርታ ይጠይቃል፣ ሌላው አይጠይቅም፣ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። የቢሮው ኃላፊዬ «መስፈርቶቹን በሠንጠረዥ አውጪና አሳዪኝ» አሉኝ። እንዴት ነው የሚሠራው?

ምላሽ፦

መስመር ከማስመርዎ በፊት ሰባቱም ውሳኔዎች በእርግጥ የአንድ ዓይነት ክስ ውሳኔዎች መሆናቸውን ያጣሩ። በድሬዳዋም ሆነ እኔ በምሠራበት በሐረር «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ርዕስ ብዙ ሸክም ይሸከማል፤ የድንበር ክርክሩም፣ የውርስ ቤት ክፍፍሉም፣ ኪራዩ ያለቀበት ተከራይ ይውጣልኝ የሚለውም በዚሁ ስም ተጽፎ ይመጣል። እርስዎ የሚፈልጉት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 ላይ የቆመውን ክስ ብቻ ነው። ይህ ክስ የሚጠይቀው ነገሩ የማን እንደሆነ ሳይሆን በማን እጅ እንደነበረና ማን እንደወሰደው ነው። የማን ነው የሚለው ጥያቄ በአንቀጽ 1206 የሚቀርበው የባለሀብትነት ክስ ጉዳይ ሲሆን፣ በዚያ ክስ ላይ ማስረጃ ያላቀረበ ከሳሽ ቢሸነፍ ምንም አያስደንቅም። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ካስቀመጧቸው በሕጉ ውስጥ የሌለ ተቃርኖ ራስዎ ፈጠሩ ማለት ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ርዕሱን ይተዉና ከሳሹ የጠየቀውን ዳኝነትና ፍርድ ቤቱ የያዘውን ጭብጥ ያንብቡ። ጭብጡ «ቤቱ የከሳሽ ነው ወይስ አይደለም» ከሆነ መዝገቡ ወደ ሌላ ክምር ይሂድ። ከሰባቱ ሁለት ወይም ሦስት በዚህ ማጣሪያ ቢወድቁብዎ አይዘኑ።

ቀጥሎ መስፈርቶቹን ከሕጉ አንቀጽ ራስዎ ያውጧቸው። ከፍርድ ማጠቃለያ ላይ ከገለበጧቸው አንዱ ችሎት በአጋጣሚ ያጎላው ነገር በሁሉም ላይ መስፈርት ሆኖ ይቀመጥብዎታል። አንቀጽ 1140 ይዞታ ማለት አንድ ሰው በአንድ ነገር ላይ በእውን የሚያደርገው የማዘዝ ኃይል መሆኑን ይናገራል። አንቀጽ 1149 ንዑስ አንቀጽ 1 ይዞታው የተነጠቀ ወይም ሁከት የተነሣበት ባለይዞታ ነገሩ እንዲመለስለት፣ ሁከቱ እንዲወገድለትና ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 2 ይህ ጥያቄ ነጠቃው ወይም ሁከቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ እንደሚታገድ ይገልጻል። ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ተከሳሹ ለሠራው ሥራ የሚደግፈው መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ በቀር ፍርድ ቤቱ እንዲመለስ ወይም እንዲወገድ ያዝዛል ይላል። ከዚህ አራት ጥያቄ ይወጣል፦ ነገሩ በከሳሽ እጅ ነበር ወይ፣ ተነጥቋል ወይም ታውኳል ወይ፣ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀርቧል ወይ፣ ተከሳሹ ወዲያው የሚታይ መብት አሳይቷል ወይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የከሳሽ ሸክም ናቸው። ሦስተኛው በተግባር የሚነሣው በተከሳሽ መቃወሚያ ነው። አራተኛው ሙሉ በሙሉ የተከሳሽ ነው። ከሳሹ ካርታ ይኑረው የሚል ቃል በአንዱም ውስጥ እንደሌለ ያስተውሉ።

ታዲያ አንዳንዱ ፍርድ ቤት ለምን ካርታ ይጠይቃል? አብዛኛው ጣጣ የመጣው ከአንድ ቃል ይመስለኛል። «ይዞታ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንቀጽ 1140 ይዞታ ማለት ፍሬ ነገር ነው፤ ቁልፉ በማን ኪስ ነው፣ ዕቃውን ማን ያስገባል፣ ማንስ ያስወጣል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያሠራል የሚለው ነው። በመሬት አስተዳደር ቋንቋ ግን ይዞታ መብት ነው፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ግለሰቡ በመሬቱ ላይ ያለውን መብት የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው፤ ማዘጋጃ ቤት የሚሰጠውንም ወረቀት «የይዞታ ማረጋገጫ» እንለዋለን። ዳኛው «ከሳሽ ይዞታዋን አላረጋገጠችም» ብለው ሲጽፉ በየትኛው ትርጉም እንደጻፉት ዐረፍተ ነገሩ ብቻውን አይነግርዎትም። ምስክሮቹ ስለ ቁልፍና ስለ ዕቃ የተናገሩት አልታመነም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫ ወረቀት አላቀረበችም ማለትም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የማስረጃ ምዘና ነው፣ ሁለተኛው የሕግ አቋም ነው። በሠንጠረዥዎ ላይ ሁለቱም «ይዞታ አልተረጋገጠም» ተብለው ከገቡ ሠንጠረዡ ውሸታም ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን መስፈርት ዓምድ ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ ፍርድ ቤቱ ይዞታን እንደ ፍሬ ነገር ነው ወይስ እንደ መብት የተረዳው የሚለውን ይጻፉ፣ በሌላው በዚያ መረዳት ላይ ቆሞ ምን ማስረጃ ተቀበለ የሚለውን ይጻፉ። እርስዎ ተቃርኖ ያዩበት ቦታ አብዛኛው እዚህ ላይ ይፈታል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንግባ። ጀማሪ ሠንጠረዥ ሠሪ በየክፍሉ «ተሟልቷል» ወይም «አልተሟላም» ብሎ ይሞላል። ይህ ከአንድ ማለዳ ሥራ በኋላ ደስ የሚል መልክ ይኖረዋል፣ ችሎት ፊት ግን አይቆምም። ፍርድ ቤት አንድን መስፈርት ቢያንስ በአራት መንገድ ያስተናግደዋል። ተከራካሪዎቹ ተለያይተውበት ጭብጥ ተይዞ ሊወሰን ይችላል። ተከሳሹ በመልሱ ሊያምነው ይችላል። ማንም ሳያነሣው ሊታለፍ ይችላል። ወይም ክሱ ከዚያ በፊት በሌላ ምክንያት ስለወደቀ ጨርሶ ሳይደረስበት ሊቀር ይችላል። ለእነዚህ «ተወሰነ»፣ «ታመነ»፣ «ታለፈ»፣ «አልተደረሰበትም» የሚሉ አራት ቃላትን እጠቀማለሁ። ለሕግ ክርክር የሚጠቅምዎ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሌሎቹ ስለዚያ ችሎት አቋም ምንም አይናገሩም።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ የጎርፍ መውረጃ ጉዳይ ይዤ፣ «እንዲህ ያለ ሁከት ሁሌ አዲስ ስለሆነ ሁለት ዓመቱ አያግደውም» ብዬ አንድ ውሳኔ ጠቅሼ ተከራከርኩ። በሠንጠረዤ ላይ በጊዜው ዓምድ «ተሟልቷል» የሚል ነበር የተጻፈው። ዳኛው ፍርዱን ተቀብለው አገላብጠው «የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አሉኝ። የትም ገጽ ላይ አልነበረም። በዚያ ጉዳይ ተከሳሹ የይርጋ መቃወሚያ አላነሣም ነበር። የይርጋን ክርክር ተከራካሪው ራሱ ካላነሣው ፍርድ ቤቱ በራሱ እንዳያነሣው አንቀጽ 1856 ስለሚከለክል፣ የችሎቱ ዝምታ አቋም ሳይሆን ዝምታ ብቻ ነበር።

የሰበርን ውሳኔ ሲያነቡ ሌላም ወጥመድ አለ። በታተሙት ቅጾች ላይ ከፍርዱ በላይ የሚቀመጠው አጭር ማጠቃለያ መዝገቡን ለማግኘት እንጂ ክፍል ለመሙላት አይሆንም። ፍርዱ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ የተከራካሪዎቹ ስም ይገለባበጣል፤ አመልካች የሥር ተከሳሽ ይሆናል፣ ወይም የሥር ከሳሽ፣ አንዳንዴም በሥር ክርክር ጣልቃ ገብ የነበረ። በመጀመሪያው ንባቤ በእርሳስ «ከሳሽ = ተጠሪ» ብዬ ከላይ ሳልጽፍ ወደ ሁለተኛው ገጽ አላልፍም፤ ሸክሙን ለተሳሳተ ሰው መስጠት የሚጀምረው እዚያ ነው። ደግሞም ሰበር የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። «የሥር ፍርድ ቤቶች ከሳሽ ክፍሉን ስትጠቀምበት እንደነበር አረጋግጠዋል» ሲል ፍሬ ነገሩን እንደተረጋገጠ ወሰደ እንጂ ምን ያህል ምስክር እንደሚበቃ አልወሰነም። «ለሰበር ቀርቦ ሊታይ የሚገባው ነጥብ» ከሚለው ሐረግ በኋላ የሚመጣው ጭብጥ ነው በየትኛው ዓምድ ሥር «ተወሰነ» መጻፍ እንዳለብዎ የሚያመለክትዎ። ውጤቱ «በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 343(1) መሠረት መልሰናል» የሚል ከሆነም ከሳሹ አሸነፈ ብለው አይጻፉ፤ ጉዳዩ እንደገና እንዲጣራ ተመለሰ ማለት ብቻ ነው።

እንዴት እንደሚሞላ ላሳይዎ። የሚከተሉት አምስት ጉዳዮች ለማሳያ ራሴ የቀረጽኳቸው ናቸው፤ የማንም መዝገብ አይደሉም፣ ክሱ ግን በዚህ አካባቢ የሚመጣበትን መልክ ይዘዋል።

በጉዳይ ሀ ከሳሿ ሳቢያን አካባቢ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ መጋዘን ለአሥራ አንድ ዓመት ተጠቅማለች፤ ወረቀት የላትም። ጎረቤቷ ቁልፉን ሰብሮ የራሱን አስገባ። እሷ በአምስተኛው ወር ከሰሰች። ተከሳሹ «የእኔ ነው» ከማለት በቀር ያቀረበው ነገር የለም። በጉዳይ ለ ነገሩ ሁሉ ይኸው ሆኖ ተከሳሹ በመልሱ ላይ መጋዘኗ ያረፈችበትን ቦታ የሚያጠቃልል የራሱን ካርታ አያይዟል፤ ከሳሿም ካርታው ያንን ቦታ እንደሚያካትት አልካደችም። በጉዳይ ሐ ነገሩ እንደ ሀ ነው፣ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ከሳሿ የይዞታ ማረጋገጫ ስለሌላት ክስ የማቅረብ መብት የላትም ብሎ ተከሳሹ መልስ ሳይሰጥ መዝገቡን ዘጋ። በጉዳይ መ ሐረር ጀጎል ውስጥ ጎረቤት የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ከሳሹ ግቢ አዙሯል፤ መጀመሪያ ያዞረው ክሱ ከመቅረቡ ሦስት ዓመት በፊት ነው፣ ከስምንት ወር በፊት ግን አሸንዳውን በሰፊ ቱቦ ተክቶ ውኃው የከሳሹን ግንብ መሸርሸር ጀመረ። በጉዳይ ሠ ነገሩ እንደ ለ ቢሆንም ተከሳሹ ያመጣው ካርታ ሳይሆን ከአሥር ዓመት በፊት ከከሳሿ ባል ገዛሁ የሚልበትን በእጅ የተጻፈ የሽያጭ ወረቀት ነው፤ ከሳሿ ፊርማው የባሌ አይደለም አለች።

| ጉዳይ | ይዞታ እንደ ምን ተወሰደ | ነጠቃ ወይም ሁከት | ሁለት ዓመት | የተከሳሽ መብት | ውጤት |
|---|---|---|---|---|---|
| ሀ | ፍሬ ነገር፤ ተወሰነ (ምስክር) | ተወሰነ | ታለፈ | ተወሰነ፤ ማስረጃ የለም | ይመለስ |
| ለ | ፍሬ ነገር፤ ታመነ | ታመነ | ታለፈ | ተወሰነ፤ ካርታ፣ ያልተካደ | ክሱ ውድቅ |
| ሐ | መብት፤ ተወሰነ | አልተደረሰበትም | አልተደረሰበትም | አልተደረሰበትም | መዝገቡ ተዘጋ |
| መ | ፍሬ ነገር፤ ታመነ | ተወሰነ | ተወሰነ፤ ከአዲሱ ቱቦ ቀን | ተወሰነ፤ የለም | ይወገድ |
| ሠ | ፍሬ ነገር፤ ተወሰነ | ታመነ | ታለፈ | ተወሰነ፤ ወዲያው አልተረጋገጠም | ይመለስ |

ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ጥንድ ጥንድ አድርገው ያንብቡት። ሀ እና ለ በፍሬ ነገር የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የውጤቱ ልዩነት የመጣው ከዚያ ነገር መሆኑን በድፍረት መናገር የሚችሉትም ለዚህ ነው። በጉዳይ ለ ከሳሿ የተሸነፈችው ካርታ ስለሌላት ሳይሆን ተከሳሹ ስላለው ነው። ይህን ልዩነት ያላየ ሰው ለን ሲያነብ «ፍርድ ቤት ካርታ ይጠይቃል» ብሎ ይደመድማል፣ ቀጥሎም ከሀ ጋር ተጋጨብኝ ይላል። እርስዎም ያነበቡት አንደኛው ውሳኔ እንዲህ ያለ ሊሆን ስለሚችል ካርታ የተጠየቀው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ተመልሰው ይዩ።

እውነተኛው ግጭት ሀ እና ሐ ናቸው። ፍሬ ነገራቸው አንድ ሆኖ ውጤታቸው ተለያይቷል፤ የሚለያዩትም በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ነው። እዚህ ጋ የማንን ንባብ እንደሚደግፉ ራስዎ መምረጥ ይኖርብዎታል። እኔ የሀን እደግፋለሁ፤ ከሳሹ መብቱን ማረጋገጥ ካለበት አንቀጽ 1149 ከአንቀጽ 1206 የሚለይበት ነገር አይቀርም፣ ተከሳሹ መብቱን ወዲያው ያሳይ የሚለው ንዑስ አንቀጽ 3ም ሥራ ያጣል። የሐን ንባብ የሚደግፉ ሰዎች ግን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። መሬት በወረራ የያዘ ሰው ትናንት ባጠረው አጥር ላይ የፍርድ ቤት ጥበቃ ማግኘት የለበትም የሚል ሥጋት አላቸው፤ ተከሳሹ መሬቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሲሆን ሥጋቱ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ የሐ ዓይነት ውሳኔ ባገኙ ቁጥር ተከሳሹ ማን እንደነበር የሚመዘግብ አንድ ጠባብ ዓምድ ይጨምሩ። ካርታ ከከሳሽ የጠየቁት ውሳኔዎች ተከሳሹ የመንግሥት አካል በሆነባቸው መዝገቦች ላይ ከተሰበሰቡ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ለተጣላበት ለእርስዎ ጉዳይ የሚለዩበትን ምክንያት በእጅዎ አገኙ። ካልተሰበሰቡም ማወቁ ይሻላል።

የጊዜው ዓምድ በአብዛኛው ባዶ ነው ወይም «ታለፈ» ይሞላዋል፤ ዋጋ የሚኖረው እንደ መ ባሉ ጉዳዮች ላይ ነው። እዚያ የሚጻፈው «በጊዜው ነው» የሚለው ሳይሆን ፍርድ ቤቱ መቁጠር የጀመረበት ድርጊት ነው። በመ አዲሱን ቱቦ መትከል አዲስ ሁከት ነው ተብሎ ስምንት ወር ተቆጠረ። ቱቦው ባይቀየርና ውኃው በየክረምቱ ብቻ ቢወርድ ኖሮ ያው ችሎት ምን ይል እንደነበር ከዚህ ውሳኔ አይታወቅም። በኅዳጉ ላይ «ቱቦው ባይቀየር?» ብዬ በጥያቄ ምልክት እተወዋለሁ፤ ያንን የሚመልስ ሌላ መዝገብ ሲገኝ አጠገቡ ይቀመጣል። አንድ ፍሬ ነገር ለውጤቱ ወሳኝ መሆኑን የምለየውም እንዲህ ነው፤ ከፍርዱ ላይ አውጥቼው ውጤቱ ይቆም እንደሆነ እጠይቃለሁ። በሀ የከሳሿ አገልግሎት አሥራ አንድ ዓመት መሆኑን ወደ አንድ ዓመት ዝቅ ቢያደርጉት ውጤቱ አይናጋም፤ ሕጉ በነጠቃው ቀን በእጇ መሆኑን እንጂ ርዝመቱን አይጠይቅም። ስለዚህ አሥራ አንዱ ዓመት በፍርዱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቢደጋገምም ወደ መስፈርት ዓምድ አይገባም።

ለ እና ሠ ደግሞ የመጨረሻውን መስፈርት ጠርዝ ያሳያሉ። ሁለቱም ተከሳሾች ወረቀት አቅርበዋል። የጉዳይ ለ ወረቀት ሥልጣን ካለው አካል የተሰጠ ነው፤ አንቀጽ 1195 እንዲህ ላለው ማስረጃ የባለሀብትነት ግምት ይሰጠዋል፣ ከሳሿም አልካደችውም። የጉዳይ ሠ ወረቀት ግን ፊርማው ተክዷል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭን በሚመለከት አንቀጽ 1723 የሚጠይቀውን ምዝገባም አላለፈም። ፊርማው ለምርመራ ይላክ፣ ምስክር ይሰማ፣ ውሉ ጸንቷል ወይ ይባል ማለት ከተጀመረ ነገሩ «ወዲያውኑ» መሆኑ ቀርቷል። ሕጉ ተከሳሹን መብት የለህም አላለውም፤ መጀመሪያ የወሰድከውን መልስ፣ ከዚያ ወረቀትህን ይዘህ በራስህ ክስ ና ነው ያለው። በዚህ ዓምድ ላይ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ማስረጃው ምንድን ነው፣ ከሳሹ ካደው ወይ፣ ለማጣራት ስንት ቀጠሮ ፈጀ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይመዘግበውም። ሆኖም «ወዲያውኑ» የሚለውን ቃል ፍርድ ቤቱ በአፉ ምን እንደሚለው ሳይሆን በእጁ ምን እንደሚያደርገው የሚያሳየው እሱ ነው፤ ተከሳሹ ያቀረበውን ማስረጃ ለማጣራት ስድስት ቀጠሮ ሰጥቶ በመጨረሻ ክሱን ውድቅ ያደረገ ፍርድ ቤት ንዑስ አንቀጽ 3ን ጠቅሶ ቢጽፍም የወሰነው የባለሀብትነት ክርክር ነው። ካርታም ቢሆን የማይነካ አይደለም፤ አንቀጽ 1196 ግምቱ የሚስተባበልባቸውን ሁኔታዎች ስለሚዘረዝር፣ ከሳሽ ካርታውን በእነዚያ ምክንያቶች ስትቃወም ነገሩ «በማያጠራጥር» መሆኑ ይቀራል ወይ የሚለው የተለየ ረድፍ ይገባዋል። ለ ይህን አይመልስም፣ ካርታው አልተካደምና።

ስለ ክብደት አጭር ነገር ልበል። በፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጥ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድ አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይደነግጋል። የሌሎቹ ውሳኔዎች ለማሳመን እንጂ ለማስገደድ አይሆኑም። እናንተ ጋ ድሬዳዋ የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶችም የከተማ ፍርድ ቤትም አሉ፤ እኛ ጋ ሐረር ደግሞ የክልሉ ፍርድ ቤቶች። ፍርዱ ከየትኛው እንደመጣና በይግባኝ ወይም በሰበር ምን እንደደረሰበት ካልተጻፈ፣ የተሻረ ውሳኔ አሁንም ቆሞ በሠንጠረዡ ላይ ይታያል። ሐን የመሰለ ብይን በእጅዎ ካለ ይግባኝ ተብሎበት እንደሆነ ሳያጣሩ አይጥቀሱት። የሰበር ውሳኔዎችንም በቀናቸው ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ የኋለኛው የፊተኛውን ለውጦት ሊሆን ይችላልና። ስንት መዝገብ ይበቃል ለሚለው፣ እኔ የማቆመው የመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት መዝገቦች በይዞታውና በተከሳሽ መብት ዓምድ ላይ አዲስ ነገር መጨመር ሲያቅታቸው ነው። ለዚህ ክስ ከአሥራ ሁለት ያለፈ አስፈልጎኝ አያውቅም።

አሁን በሠንጠረዡ ግርጌ አንድ ባዶ ረድፍ ይጨምሩና የደንበኛዎን ጉዳይ ያስገቡበት። ውጤቱ ባዶ ይሁን። በመጀመሪያው ዓምድ ቁልፉ በእሷ እጅ እንደነበረ የሚናገሩትን ምስክሮችና እያንዳንዱ በዓይኑ ያየውን ይጻፉ፤ «ቤቱ የሷ ነው» የሚል ምስክር ለዚህ ዓምድ አይጠቅምም፣ «ሽንኩርቷን ስታስገባ አብሬያት ተሸክሜያለሁ» የሚል ይጠቅማል። ክፍሉን በራሷ ስም ነው የያዘችው ወይስ ለሌላ ሰው ትጠብቀው ነበር ብለውም ይጠይቋት፤ ለሌላ ሰው ከነበረ ክሱን ማቅረብ ያለባት እሷ ናት ወይ የሚለው ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። በጊዜው ዓምድ ቁልፉ የተቀየረበትን ቀን በትክክል ይጻፉ፤ «ከፋሲካ በኋላ» ካለችዎ የትኛው ዓመት ፋሲካ እንደሆነና በዚያ ቀን ማን አብሯት እንደነበረ ይጠይቋት። በተከሳሽ መብት ዓምድ ጎረቤቷ ሊያመጣ የሚችለውን ወረቀት ሁሉ ያስቡ፤ በተለይ የጓሮውን ቦታ የሚያጠቃልል ካርታ አለው ወይ የሚለውን እሷን ብቻ ጠይቀው አይተዉት። ካርታ ካለውና ቦታውን የሚያካትት ከሆነ ረድፍዎ ከሀ ተነሥቶ ከለ አጠገብ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ከኃላፊዎ ጋር የሚነጋገሩት ካርታውን በአንቀጽ 1196 የምትቃወምበት ምክንያት አላት ወይስ ክሱ በሌላ መሠረት ይቅረብ የሚለውን ይሆናል። ይህን ማወቅ ያለብዎ የዳኝነት ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ነው።